ዘጠኝ ቅርንጫፍ፣ አንድ መጋዘን፦ የስኩዌር ሩት ሕግ የሚሰጠውና የሚደብቀው

ዘጠኝ ቅርንጫፎች ያሉት አንድ የመለዋወጫ ዕቃ አከፋፋይ እናስብ። ሁሉም ቅርንጫፎች አንድ ዓይነት የጀነሬተር ፊልተር ይሸጣሉ። ሰኞ ጠዋት ከአንዱ ቅርንጫፍ ስልክ ይደወላል፤ «ፊልተር አልቆብናል፣ ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ ነው» ይላል የሽያጭ ሠራተኛው። የስቶክ ኃላፊዋ መዝገቡን ስትከፍት ሌላ ቅርንጫፍ ውስጥ 90 ፊልተር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። በጠቅላላው ሲታይ ዕቃ አልጠፋም። ያለው ግን የሚፈለግበት ቦታ ላይ አይደለም።

ይህን ያየ ሰው ሁሉ አንድ ሐሳብ ይመጣለታል። ለምን ሁሉንም ሰብስበን አንድ ማዕከላዊ መጋዘን ውስጥ አናስቀምጠውም? የሎጂስቲክስ ትምህርት የቀመሰ ሰው ደግሞ ወዲያው አንድ ቁጥር ይጨምርበታል፤ «ዘጠኝ ቦታ የነበረው አንድ ቦታ ሲሆን መጠባበቂያው ሲሶ ብቻ ይበቃል፤ የዘጠኝ ስኩዌር ሩት ሦስት ነውና» ይላል። ሒሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ ሲሶው ሙሉ በሙሉ የሚገኘው በወረቀት ላይ መሆኑ ነው። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ የገባው ሰው የት ላይ እንደሚፈስም ስለሚታየው፣ ከምንጩ እንጀምር።

መጠባበቂያው ለምን ይያዛል

እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በሳምንት በአማካይ 40 ፊልተር ይሸጣል እንበል። አማካይ ስለሆነ ግን አንዱ ሳምንት 52፣ ሌላው 31 ሊሆን ይችላል። ሽያጩ ከአማካዩ በተለምዶ ምን ያህል ከፍና ዝቅ እንደሚል በአንድ ቁጥር የሚነግረንን መለኪያ ስታቲስቲክስ የተማሩ ሰዎች ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ይሉታል። እኔ እዚህ የመዋዠቅ ልክ እያልኩ እጠራዋለሁ። ለፊልተራችን የአንድ ቅርንጫፍ የሳምንት መዋዠቅ ልክ 12 ይሁን። አቅራቢው ደግሞ ከታዘዘበት ቀን ጀምሮ ዕቃውን ለማድረስ 4 ሳምንት ይፈጅበታል።

ቅርንጫፉ ባዘዘበት ቀን በእጁ ያለው ዕቃ እነዚያን 4 ሳምንታት ሊያሻግረው ይገባል። በአማካይ 160 ይሸጣል። በእጁ 160 ብቻ ካለ ግን ከሁለት ጊዜ በአንዱ ዕቃው ሳይደርስለት ያልቅበታል፤ ገበያ ከአማካዩ በላይ የሚሆንበት ዕድል ከሞላ ጎደል ግማሽ ነውና። ስለዚህ ከ160 በላይ ተጨማሪ ይይዛል። መጠባበቂያ ክምችት የሚባለው ይህ ተጨማሪ ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ 160ው ራሱ መጠባበቂያ አይደለም፤ ያ በአማካይ የሚሸጥ ዕቃ ነው። የስኩዌር ሩት ሕግ የሚናገረው ስለ መጠባበቂያው እንጂ መጋዘን ውስጥ ስላለው ዕቃ ሁሉ አይደለም። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የጠቅላላ ክምችቱን ዋጋ ይዞ ለሦስት ያካፍለዋል።

ስኩዌር ሩቱ ከየት መጣ

ሁለት ቅርንጫፎችን ብቻ እንውሰድ። ነገሩን ለማቅለል፣ አንድ ቅርንጫፍ በአንድ ሳምንት ወይ ከአማካዩ 12 ይበልጣል ወይ 12 ያንሳል እንበል፤ ዕድሉም እኩል ነው። አንዱ የሌላውን አያውቅም። ሁለቱ ሲደመሩ ምን ሊሆን ይችላል?

አራት ነገር ይችላል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ድምሩ 24 ይበልጣል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ 24 ያንሳል። አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ የሚልባቸው ሁለት መንገዶች ደግሞ አሉ፤ በእነዚህ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሞላና ድምሩ ልክ አማካዩ ላይ ያርፋል። ማለትም ከአራቱ በሁለቱ መዋዠቁ እርስ በርሱ ይካካሳል።

የመዋዠቅ ልክ የሚሰላው ልዩነቶቹን በራሳቸው አባዝቶ፣ አማካያቸውን ወስዶ፣ በመጨረሻ ስኩዌር ሩት በማውጣት ነው። 24 በ24 ሲባዛ 576 ነው። አራቱ ውጤቶች 576፣ 0፣ 0 እና 576 ናቸው፤ አማካያቸው 288። የ288 ስኩዌር ሩት 17 ገደማ ነው። ለየብቻ 12 እና 12 የነበሩት አብረው ሲታዩ 24 አልሆኑም፤ 17 ሆኑ። 17 ደግሞ 12 በ2 ስኩዌር ሩት ሲባዛ የሚገኘው ነው።

ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። እርስ በርስ የማይተዋወቁ መዋዠቆች ሲደመሩ የሚደመረው ልካቸው ሳይሆን የልካቸው ካሬ ነው። ለዘጠኝ ቅርንጫፎች 12 በ12፣ ማለትም 144፣ ዘጠኝ ጊዜ ይደመርና 1,296 ይሆናል፤ ስኩዌር ሩቱ 36። በቀጥታ ቢደመር 108 ይሆን ነበር። 36 የ108 ሲሶ ነው። ስጋትን በአንድ ቋት ማድረግ የሚባለው ይህ ነው፤ አንዱ ሲጎድልበት ሌላው ተርፎት ስለሚገኝ፣ ቋቱ አንድ ከሆነ ጉድለቱ በዚያው ይሞላል።

ሳምንታትም በዚሁ ሕግ ይገዛሉ። አራት ሳምንት የአንድ ሳምንትን መዋዠቅ አራት እጥፍ አያደርገውም፤ ደካማው ሳምንት ብርቱውን ስለሚያካክስ በ4 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በሁለት ብቻ ያባዛዋል። ስለዚህ የአንድ ቅርንጫፍ የአራት ሳምንት መዋዠቅ 24 ነው። የመዋዠቁን ሁለት እጥፍ መጠባበቂያ የያዘ ሰው ከመቶ ትእዛዝ በ97 ወይም በ98ቱ ዕቃው ሳያልቅበት አዲሱ ይደርስለታል። የሁለት እጥፉ ምርጫ የአመራር ውሳኔ ነው፤ የበለጠ የሚፈራ የበለጠ ይይዛል።

እንግዲህ አንድ ቅርንጫፍ 48 መጠባበቂያ ይይዛል፣ ዘጠኙ በጠቅላላው 432። ማዕከላዊ መጋዘን ቢሆን የሳምንቱ መዋዠቅ 36፣ የአራት ሳምንቱ 72፣ መጠባበቂያው 144 ነው። ከ432 ወደ 144። ወረቀቱ ላይ የሚያምረው ቁጥር ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ዴቪድ ማይስተር ይህን የስኩዌር ሩት ሕግ የሚመረምር ጽሑፍ አሳተመ። በ1979 ደግሞ ጋሪ ኤፐን የቅርንጫፎች ፍላጎት አብሮ የሚዋዥቅ ከሆነ ቁጠባው እንደሚመነምን በሒሳብ አሳየ። ከሁለቱ በሥራ ላይ ይበልጥ የሚያስፈልገን የሁለተኛው ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው ተስፋ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ግን ያንን ተስፋ በልክ ያደርገዋል።

ቅርንጫፎቹ ቢተዋወቁስ?

ከላይ ያለው ሒሳብ የቆመው «አንዱ የሌላውን አያውቅም» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። በእውኑ ዓለም ግን መብራት ሲጠፋ ብዙ ቦታ አብሮ ስለሚጠፋ ጀነሬተር በየቦታው ይሠራል፤ ፊልተርም በየቅርንጫፉ በአንድ ሳምንት ይፈለጋል። ድርጅቱ የዋጋ ቅናሽ ሲያውጅ የሚያውጀው ለሁሉም ቅርንጫፍ ነው። የበጀት ዓመት መዝጊያም ለሁሉም በአንድ ቀን ይመጣል። ሁሉም አብረው ከፍ ሲሉ ትርፍ ያለው ማንም የለም፤ ቋቱ አንድ ቢሆንም የሚካካስ ነገር አይኖርም።

ምን ያህል እንደሚጎዳ እንይ። የቅርንጫፎች አብሮ መዋዠቅ ከዜሮ እስከ አንድ ባለው መለኪያ ይለካል፤ ዜሮ ማለት ፈጽሞ አይተዋወቁም፣ አንድ ማለት ልክ አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይወድቃሉ። መለኪያው 0.2 ሲሆን፣ ማለትም ዝምድናው ገና ደካማ ሳለ፣ የማዕከሉ መጠባበቂያ ከ144 ወደ 232 ያድጋል። 0.5 ሲደርስ 322 ይሆናል። አንድ ሲሆን 432፤ ዕቃውን የሰበሰብነው በከንቱ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ከዜሮ ወደ 0.2 የሚባለው ማንም የማያስተውለው ትንሽ ዝምድና 88 ፊልተር ያስከፍላል።

ሕጉ በዝምታ የሚያልፈው ሌላም ነገር አለ፤ ቅርንጫፎቹ እኩል ናቸው ብሎ ይነሣል። ከዘጠኙ አንዱ ትልቅ ሆኖ መዋዠቁ 60፣ የቀሩት ስምንቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 5 ቢሆኑ፣ ለየብቻ ሲደመር 100፣ በአንድ ቋት ደግሞ 62 ገደማ ነው። ቁጠባው ከሁለት ሦስተኛ ወደ 38 በመቶ ወረደ። ትልቁ ቅርንጫፍ በተግባር ራሱ ማዕከላዊ መጋዘን ሆኖ ሲሠራ ስለነበር ትንንሾቹ ሊያካክሱት አይችሉም።

ይህን ሁሉ በግምት መናገር አያስፈልግም፤ መለካት ይቻላል፣ ያውም በቀላሉ። የ52 ሳምንት የሽያጭ መረጃ ኤክሴል ላይ ያስፍሩ፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሳምንት፣ ከ B እስከ J ያለው እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ቅርንጫፍ። ከዚያ የየሳምንቱን ድምር በ K ዓምድ ያውጡ፤ የ K2 ቀመር ወደ ታች፣ የ B54 ቀመር ወደ ቀኝ እስከ J54 ይቀዳል።

```
K2:   =SUM(B2:J2)
B54:  =STDEV.S(B2:B53)
K54:  =STDEV.S(K2:K53)
L54:  =K54/SUM(B54:J54)
```

L54 ላይ የሚወጣው ቁጥር እውነተኛው መልስ ነው። 0.33 ከሆነ ሕጉ ቃል የገባውን ሙሉ በሙሉ አገኙ። 0.9 ከሆነ ማዕከሉን የሚሠሩበት ምክንያት መጠባበቂያ ለመቀነስ ሊሆን አይችልም። ዝምድናውም፣ የቅርንጫፎቹ አለመመጣጠንም በዚህ አንድ ቁጥር ውስጥ አብረው ስላሉ የስኩዌር ሩቱን ሕግ መጥቀስ እንኳን አያስፈልግም።

ሁለት ጥንቃቄ ግን አለ። ቅርንጫፉ ዕቃ ባለቀበት ሳምንት ሽያጩ ዜሮ ይመዘገባል፤ ፍላጎቱ ግን ዜሮ አልነበረም። እንዲህ ያሉ ሳምንታት ቅርንጫፎቹ ከእውነታው በላይ የማይተዋወቁ ያስመስላሉ፤ ስለዚህ ካልተሞሉ ወይም ካልተነሱ ውጤቱ ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ይታያል። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የተዛወረ ዕቃ እንደ ሽያጭ ተመዝግቦ ከሆነም ውጤቱ ይዛባል። ሁለተኛው ወቅት ነው። በየዓመቱ በታወቀ ወር ሽያጩ በሁሉም ቦታ የሚያድግ ከሆነ መረጃው ጠንካራ ዝምድና ያሳያል፤ ግን አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ስጋት አይደለም፤ ለእሱ አስቀድሞ ይታዘዛል። ትንበያ የሚሠራ ድርጅት ከሽያጩ ይልቅ ሽያጩ ከትንበያው የወጣበትን ልዩነት በሰንጠረዡ ውስጥ ቢያስገባ የሚያገኘው ቁጥር ይበልጥ ይታመናል።

ሕጉ የማይነካው አደጋ

እስካሁን አቅራቢው ሁልጊዜ በ4 ሳምንት ያደርሳል ብለን ነው። አንዳንዴ በ3፣ አንዳንዴ በ5፣ ሲከፋ በ6 ሳምንት ቢያደርስስ? የማድረሻ ጊዜው መዋዠቅ ልክ አንድ ሳምንት ይሁን። በሥራ ላይ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ለአንድ ቅርንጫፍ የአንድ ሳምንት መዘግየት 40 ፊልተር ማለት ነው። ከፍላጎቱ የሚመጣው መዋዠቅ 24 ነበር፣ ከመዘግየቱ የሚመጣው 40። ሁለቱ አይተዋወቁምና በካሬያቸው ይደመራሉ፤ 576 እና 1,600፣ ስኩዌር ሩቱ 47 ገደማ። መጠባበቂያው የዚህ ሁለት እጥፍ ስለሆነ 93፣ ለዘጠኙ ቅርንጫፎች 840 ነው። መዘግየቱ ብቻውን መጠባበቂያውን በእጥፍ ሊያሳድገው ምንም አልቀረውም።

አሁን ሁሉንም ወደ ማዕከል እናምጣ። ከፍላጎት የሚመጣው 72 ሆኖ ይቀንሳል፤ ይህን አይተናል። መዘግየቱስ? መርከቡ ሲዘገይ የሚዘገየው የሁሉም ዕቃ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ዘግይቶበት ሌላው ቀድሞ የሚደርስለት ነገር የለም። የአንድ ሳምንት መዘግየት ማዕከሉን 360 ፊልተር ያስከፍለዋል፤ ዘጠኝ ጊዜ 40፣ ምንም ሳይቀነስ። 72 እና 360 በካሬ ሲደመሩ 367 ይወጣል፤ መጠባበቂያው 734።

ከ840 ወደ 734። ሁለት ሦስተኛ ይቆጥባል የተባለው ዕቅድ 13 በመቶ ብቻ ቆጠበ። ብዙ የማዕከላዊ መጋዘን ፕሮጀክት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ «ክምችቱ ለምን አልቀነሰም?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው በዚህ የተነሣ ነው። ሕጉ የሚያካክሰው ቅርንጫፎች ለየብቻ የሚገጥማቸውን አደጋ ነው። ሁሉም የሚጋሩት አደጋ ሲሰበሰብ አይቀንስም።

ሌላ መንገድ እንሞክር። መጋዘን አንገንባ፤ ዕቃው በየቅርንጫፉ ይቆይ። ይልቅ አቅራቢው ላይ እንሥራ፤ የመጫኛ ቀን በውል ይታሰር፣ ሰነድ አስቀድሞ ይዘጋጅ፣ የመዘግየቱ መዋዠቅ ከአንድ ሳምንት ወደ ሩብ ሳምንት ይውረድ። የአንድ ቅርንጫፍ የመዘግየት ስጋት ከ40 ወደ 10 ይወርዳል፤ መጠባበቂያው 52፣ ለዘጠኙ 468። ከ840 ወደ 468፣ አንድ ግድግዳ ሳይቆም! ከዚያ በኋላ ማዕከል ቢደረግ ደግሞ 231 ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው ማለት ነው፤ አቅራቢው ሳይስተካከል የሚሠራ መጋዘን መዘግየቱን አንድ ቦታ ሰብስቦ ከማስቀመጥ ብዙም አያልፍም።

የትኛው ሁኔታ ውስጥ እንዳሉ ለማወቅ ያለፉትን ሃያ ሠላሳ ትእዛዞች ማውጣት ይበቃል፤ የታዘዘበት ቀንና መጋዘን የገባበት ቀን። በሳምንት የተለካው የጊዜው መዋዠቅ በአማካይ የሳምንት ሽያጭ ሲባዛ በማድረሻው ጊዜ ካለው የፍላጎት መዋዠቅ ከበለጠ ችግርዎ ያለው ከመጋዘን በፊት ነው።

የመጨረሻው ጉዞ

የስኩዌር ሩቱ ሒሳብ ዕቃው ማዕከል ሲደርስ ያበቃል፤ ደንበኛው ግን ያለው ቅርንጫፍ ነው። ነገ እንልክልዎታለን ሲባል የሚስማማ ከሆነ ቅርንጫፉ ባዶ መደርደሪያ ይዞ መሥራት ይችላል፤ 144ቱም ይበቃል። ካልተስማማ ቅርንጫፉ ከማዕከሉ ዕቃ እስኪመጣለት ድረስ የሚያሻግረውን መጠባበቂያ እንደገና መያዝ አለበት፤ ይህኛው ደግሞ በየቅርንጫፉ ስለሆነ አይካካስም።

የማዕከሉ መኪና በሳምንት አንዴ የሚመጣ ከሆነ ቅርንጫፉ ለአንድ ሳምንት መዋዠቅ ይዘጋጃል፤ 12 ሁለት እጥፍ፣ 24። ዘጠኙ 216። ከማዕከሉ 144 ጋር 360 ይሆናል። መነሻችን 432 ነበር። መጋዘን ተገንብቶ፣ መኪና ተገዝቶ፣ ሰው ተቀጥሮ 72 ፊልተር ተቆጠበ። መኪናው በሳምንት ስድስት ቀን በየቀኑ የሚወጣ ከሆነ ግን የቅርንጫፎቹ ድርሻ ወደ 88 ይወርዳልና ጠቅላላው 232 ነው። ስለ ማዕከላዊ መጋዘን ሲወራ ሰው የሚከራከረው ስለ መጋዘኑ ስፋት ነው። ውጤቱን የሚወስነው ግን በአብዛኛው የመኪናው ፕሮግራም ነው።

ዕቃ ለዕቃም ይለያያል። ፊልተሩ በብዛት የሚሸጥ ስለሆነ በአንጻሩ የረጋ ነው። አሁን በአሥር ሳምንት አንድ ብቻ የሚሸጥ የጀነሬተር መቆጣጠሪያ ቦርድ እንውሰድ። በአራት ሳምንት ውስጥ አንድ ቅርንጫፍ በአማካይ ግማሽ እንኳን አይሸጥም፤ 0.4 ነው። ግን 0.4 ቦርድ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። አንድ ከያዘ ከመቶ በስድስቱ ሁለተኛ ጠያቂ መጥቶ ያጣል፤ ስለዚህ 2 ይይዛል። ዘጠኙ 18 ቦርድ። ማዕከል ቢሆን በአራት ሳምንት በአማካይ 3.6 ይጠየቃል፤ 8 ቦርድ ከመቶ በ99ኙ ገደማ ይበቃል፣ ያውም የቅርንጫፎቹን ያህል አስተማማኝ ሆኖ። ከ18 ወደ 8፣ ጠቅላላ ክምችቱ እንጂ መጠባበቂያው ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ውድ ዕቃ የሚገዛ ደንበኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ይጠብቃል፤ የትም ቢሄድ ወዲያው አያገኘውማ። ቀስ ብሎ የሚሸጥና ውድ የሆነ ዕቃ ወደ ማዕከል፣ በየቀኑ የሚሸጥ፣ ርካሽና ቦታ የሚይዝ ዕቃ ቅርንጫፍ ላይ የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ማዕከሉ ባዶ የሚሆንበት ቀን

ዘጠኝ ቅርንጫፎች እያንዳንዳቸው ከመቶ በሁለት ተኩል ዕቃ የሚያልቅባቸው ከሆነ፣ በአንድ ዙር ቢያንስ አንዱ የሚያልቅበት ዕድል 20 በመቶ ነው። የሰኞ ጠዋቱ ስልክ ቶሎ ቶሎ የሚደወለው ለዚህ ነው። ማዕከሉ የሚያልቅበት ዕድል ሁለት ተኩል ብቻ ነው፤ ስልኩ ይቀንሳል። ሲያልቅ ግን ዘጠኙም ላይ በአንድ ቀን ነው የሚያልቀው፣ ከጎረቤት መበደርም የለም። በአማካይ ሲታይ የተሻለ ነው፤ በዚያ ቀን ስልክ የምታነሣው ሰው ግን እንዲህ ብላ አታስብም።

እጥረት ሲሸት የቅርንጫፍ ኃላፊዎች ምን እንደሚያደርጉም የታወቀ ነው። 20 የሚፈልገው 40 ይጠይቃል፤ ግማሹን ስለሚከለክሉኝ ብሎ። ጎረቤቱ ይሰማና እሱም ይጨምራል። የደረሳቸውንም ለክፉ ቀን ብለው ጓዳ ያስቀምጡታል፤ በየቅርንጫፉ የነበረው መጠባበቂያ በሥውር ተመልሶ ይመጣል፣ የማዕከሉ ሳይቀነስ። ይህን ለመለየት ቅርንጫፎች ከማዕከል ያዘዙትን ድምርና ለደንበኛ የሸጡትን ድምር ጎን ለጎን አስቀምጦ የሁለቱን የሳምንት መዋዠቅ ማነጻጸር ነው። መኪናው በየቀኑ እየወጣ ትእዛዙ ከሽያጩ በብዙ የሚዋዥቅ ከሆነ፣ ማዕከሉ እያየ ያለው የደንበኛውን ፍላጎት ሳይሆን የኃላፊዎቹን ፍርሃት ነው።

ዕቃውን ከቦታው ሳያንቀሳቅሱ ቋቱን አንድ ማድረግም ይቻላል። የዘጠኙ ክምችት በአንድ መዝገብ ከታየና አንዱ ለሌላው ቶሎ መላክ ከቻለ የመካካሱ ጥቅም በከፊል ይገኛል። የሚጠይቀው መዝገቡ ከመደርደሪያው ጋር እንዲስማማና ዕቃ የሰጠው ቅርንጫፍ በሽያጭ ግምገማው እንዳይጎዳ ማድረግን ነው። ሁለተኛው ካልተሟላ 90 ፊልተር ያለው ቅርንጫፍ ስልክ ሲደወልለት «ለነገ የታዘዘ ነው» ማለቱ አይቀርም።

ወደ አከፋፋያችን እንመለስ። አቅራቢው በቀጠሮው ቀን የሚያደርስ ሆኖ፣ የስቶክ ኃላፊዋ ሰንጠረዡን ሠርታ ለፊልተሩ L54 ላይ 0.54 አገኘች እንበል። የማዕከሉ መጠባበቂያ 233፣ በየቀኑ መኪና ከወጣ የቅርንጫፎቹ 88፣ ድምሩ 321። ከ432 የሚተርፈው 111 ፊልተር ነው፤ የ111 ርካሽ ፊልተር ዋጋ ደግሞ በየቀኑ ዘጠኝ ቦታ የሚዞር መኪና ነዳጅ አይሸፍንም። ቦርዱ ላይ የሚተርፈው አሥር ውድ ቦርድ ነው፤ ደንበኛው አንድ ቀን ስለሚጠብቅም በተጠየቀ ጊዜ ብቻ ይላካል፣ የዘወትር መኪና አይፈልግም። ቦርዶቹን ወደ ማዕከል አመጣች፣ ፊልተሩን ባለበት ተወችው።